የድንጋዩ ድምፅ

ሽማግሌው ኦቦ ጉርሜሳ የሚሸጠውን የጭነት መኪና የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘው አዩት፤ ዘይቱ ወተት መስሏል። "ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ይሄ ሳይውል ሳያድር ይቆማል" አሉና ዘንጉን መኪናውን ለመረጠው ለኢታና መለሱለት። ታናሽ ወንድሙ ኢፋ ፈገግ አለ። "ብዬው ነበር፣ አባባ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰው ጤፉን እዚሁ ነው የሚያስፈጨው። የጋራ ገንዘባችን ወፍጮ ላይ ይዋል።" ኢታና ከንፈሩን ነከሰ።

የሚሸጠው ወፍጮ በዚያው ግቢ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ሲወቅሩ የኖሩ ናቸውና ድንጋዩን አስፈትተው በገመድ አንጠለጠሉት። "ደህና ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል" አሉት ለኢታና። "የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። እሱ ሲሽከረከር ይፈነዳና ሰው ይገድላል።" ኢፋ ውጭ ከሻጩ ጋር ዋጋ ይከራከር ነበር። እሳቸው በመዶሻ መቱት። ድንጋዩ እንደ እርጥብ ግንድ የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

"ወፍጮ ጆሮዬን በልቶታል" አሉ ሽማግሌው። "አንተ ምን ሰማህ፣ ልጄ?"

የወንድሙ ሳቅ ከደጅ ይሰማ ነበር።

"ጮኸ" አለ ኢታና።

ድንጋዩ ተመልሶ ታሰረ። ሽማግሌው ወፍጮውን መረቁት። ኢፋም "መጀመሪያ እኔ ልሞክረው" ብሎ ድንጋዩ ፊት ለፊት ቆመና እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። ኢታና ሳይታወቀው ወደ በሩ አፈገፈገ።