ዘፋኙ የመጣበት ክፍል

አባወራው ወሬውን የሰማው ከፀጉር አስተካካዩ ነው። ዝነኛው ዘፋኝ በሚቀጥለው የድራማው ክፍል እንግዳ ተዋናይ ሆኖ ሊመጣ ነው።

አባወራ የሚል ስም ያወጡለት ቤተሰቦቹ አይደሉም፤ እቤቱማ የሚሰማው የለም። በአንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ላይ ዘጠኝ ዓመት አባት ሆኖ ስለተወነ ነው። ሁለት መቶ አስራ አራት ክፍል ሙሉ ከአንዲት ሚስት ጋር ሶፋ ላይ ተጨቃጭቋል። ከዚያ ሶፋ ከሚያስነሱት ጥርሱን ቢነቅሉት ይሻለዋል።

በቀጥታ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ገሰገሰ።

«ለምንድን ነው እሱ የሚመጣው?»

«ተመልካች ቀነሰብን፣ ጋሼ» አለ አዘጋጁ። «የዘፋኙ አድናቂዎች እሱን ለማየት ብለው ይከፍቱናል። ከአስሩ ሁለቱ እንኳን ከወደዱን በሳምንቱም ይመለሳሉ። ደግሞ ለእናንተም ጥሩ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ አዲስ ጠብ ይገኛል።»

«ከዚያስ ይሄዳል?»

«እንግዳ አይደል እንዴ?»

አባወራው አልተዋጠለትም። በሌላ ድራማ ላይ ደብዳቤ ሊያደርስ ለአንድ ቀን የመጣ ፖስተኛ፣ ተመልካች ስለወደደው ብቻ አጎት ተደርጎ ሦስት ዓመት ሲኖር በዓይኑ አይቷል።

የልምምዱ ቀን ደግሞ ባሰበት። ለዘፋኙ ዙሪያውን አምፖል ያለው መስታወት የተገጠመለት የግል ክፍል ተሰጠው። መኪና ተመደበለት። በሩን ከፍቶ ሲገባ ታዳሚው አጨብጭቦ እስኪያበቃ ሁሉም ዝም እንዲል ታዘዘ። ስሙም ብቻውን፣ በትልልቅ ፊደል ሊጻፍ ነው። የአባወራው ስም የሚያልፈው ከሚስቱ፣ ከሁለቱ ልጆችና ከውሻው ጋር ተጨናንቆ ነበር። ያውም ውሻው ከላይ ነው።

«ለሱ የተደረገው ሁሉ ለኔም ይደረግልኝ!» አለ አባወራው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእንግዳ ውል ነው። ድሮ ሲመጣም እንደዚሁ ነበር፤ የአሁኑም ከዚያው የሚገለበጥ ነው።»

«እንግዲያው የድሮውን ውል አውጣና ቃል በቃል ለኔ ጻፍልኝ። አለዚያ ነገ አልቀረጽም።»

«ቃል በቃል?»

«ነጥቡ እንኳን እንዳይቀር!»

አዘጋጁ ጥቂት አሰበ። «ውሎች የሚቀመጡት በክፍል ቁጥር ነው፤ ስንተኛው ላይ እንደመጣ እኔ ረስቼዋለሁ። ካገኙት እፈርምልዎታለሁ።»

ማህደር ቤቱ ምድር ቤት ነው። ጠባቂዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዳቦ እየገመጠች አገኛት።

«እህት ዓለም፣ ዘፋኙ የመጣበት ክፍል ስንተኛው ነው?»

«ምን ያስታውሳሉ?»

«ታክሲ ውስጥ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብልኝ።»

«እሱ ሌላ ነው። ያኔ ራሱን ሆኖ ብቅ ብሎ ነው የጠፋው፣ አስር ሰከንድ፣ ለሳቅ ብቻ። ለእሱ ብጣሽ ወረቀት ነው ያስፈረሙት። እርስዎ የሚፈልጉት ሌላ ሰው ሆኖ የተወነበትን ነው።»

«ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ቤቱን በውሃ ያጥለቀለቀው!»

«በቃ እሱ ነው። ሰው እንግዳውን እንጂ ቁጥሩን አያስታውስም፤ ስለዚህ ዙሪያውን እንይ። ሶፋው ምን ዓይነት ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲህ ነው ማለት ነው። ሚስትዎስ?»

«ትልቅ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያኔ ቅርጫቱን አስቀምጣው አታውቅም።»

«አርግዛ ነበራ! ሆዷን እየደበቀች ነው። አራተኛው ምዕራፍ።» ዳቦዋን አስቀመጠች። «ሃያ አራት ክፍል አለው፤ ግን እንዲህ ያለ እንግዳ መሃል ላይ አይባክንም። ምዕራፉ ሲከፈት ሰው ለመሳብ ያመጡታል፣ ወይም ሲዘጋ ሰው ለማስናፈቅ። ሲዘጋ ሚስትዎ ወልዳለች፤ ስለዚህ መክፈቻው አካባቢ ነው።»

አባወራው ዘጠኝ ዓመት አብሯት ሲሠራ የድራማ ሚስቱ ማርገዟን አልሰማም ነበር።

ጠባቂዋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ከፈተች። የመግቢያውን ስም ዝርዝር ዘለለችው፤ እንግዳው ድንገት እንዲያስደንቅ ሲፈለግ ስሙ የሚጻፈው መጨረሻው ላይ ነው። በአንደኛው የለም። በሁለተኛው ስሙ ብቻውን፣ ግዙፍ ሆኖ ወጣ።

«ሰባ አራት!» ብሎ አባወራው ወደ መደርደሪያው ሮጠ።

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ! ሰባ አራተኛ የሆነው ሲተላለፍ ነው። ሲቀረጽ ሰባ አንደኛ ነበር፤ ፋይሉም የሚቀመጠው በቀረጻው ቁጥር ነው።» አቧራውን እፍ ብላ ሰጠችው። «አንብበውት ይሂዱ እንጂ።»

«ምኑን አነበዋለሁ? ክብሬ እንደሆነ አውቄዋለሁ!» ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

አዘጋጁ ቃሉን ጠበቀ። የዘፋኙን ስም አጥፍቶ የአባወራውን አስገባና በነባሩ ውል ፋንታ ሁለቱም ፈረሙበት።

የቀረጻው ቀን ለአባወራው ሠርጉ ሆነ። አምፖሎቹ በሩለት። በሩን ሲከፍት ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበ፤ ውሻው እንኳን ዝም አለ። ዘፋኙም ሚናውን ተጫውቶ፣ ሁሉንም አመስግኖ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። አባወራው መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ በመስኮት አየው። በስጋት ሲብሰለሰል የከረመበት ሳምንት ሁሉ አሳቀው። ዘፋኙ እውነትም እንግዳ ነበር። የዚያን ቀን እየዘፈነ እቤቱ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ጫማውን አስጠርጎ ስቱዲዮው በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው የስም ዝርዝሩን አንድ ጊዜ አየው፣ ደግሞ አየውና በአክብሮት ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ» አለ፣ «የእንግዳ ውል እኮ ለአንድ ክፍል ብቻ ነው።»