በዝግ አስተያየት

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ኡም ዋጅዲ ደረጃውን ወጥታ የልጇን በር አንኳኳች። ቤቱ ከእሷ ቤት በላይ ነው። ዋጅዲ ከፈተላት። ጉንጩን ሦስቴ ሳመችው፤ በእያንዳንዱ ስሞሽ ትንፋሹን ማገች። ልማድ ሆኖባታል።

«አሸተትሽኝ እንዴ እማ?»

«ሳምኩህ እንጂ ምን አሸትሃለሁ!»

ዋጅዲ ሳቀ። ዛሬ መጠጥ ከተወ አንድ ዓመቱ ነው። አምና ሆስፒታል ሲገባ እጁ እንደ ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር፤ የለመደ ሰው በአንዴ ሲያቆም ይሞታል ብሎ ሐኪሙ በመድኃኒት አስተኝቶት ነበር የዳነው። ኡም ዋጅዲ አልጋው ሥር ተቀምጣ ባሏን አሰበች። እሱን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ነው የቀበረችው። ሁለተኛ አልቀብርም አለች ያኔ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአረቄ አገር በምትባለው ከተማቸው በዛህሌ እሑድ አረቄ የማይቀርብበት ማዕድ ያለው የእሷ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ኪቤ ያለ አረቄ!» አለ ታናሽ ወንድሙ ፊራስ ማዕድ ላይ፣ በስንዴ የተለወሰውን ሥጋ በሽንኩርት እየገመጠ። «ሙሽራ የሌለበት ሠርግ በሉት።»

«ዝም ብለህ ብላ፤ አንተ የተጠራኸው ለመጉረስ ነው» አለችው እናቱ።

የዋጅዲ ሚስት ሩላ ከልክ በላይ ሳቀች። ከዚያ «ኮምጣጣውን አትክልት ረሳሁት» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ስትመለስ ግን ኮምጣጣ አልያዘችም። ሰሃኗ ላይ ያለው ምግብ አልተነካም።

«ራስሽን ነው ዛሬም?» አለቻት ኡም ዋጅዲ።

«ራሴን እማማ።»

ዋጅዲ ስልኩን አወጣ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጥፈውን ጽሑፍ ሦስት ቀን ሲጽፍና ሲሰርዝ ነበር የከረመው። መጀመሪያ «አሸነፍኩ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ መጠጥ የተዉ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ስብሰባ መንገድ የሚመራው አቡ ሸፊቅ አስጠፋው። «ማንም አያሸንፍም ወንድሜ፤ ቀኑ ነው የሚያልፍልህ» አለው። ሌላም መከረው፦ የስብሰባው አዳራሽ ፎቶ አይኑር፣ የሌላ ሰው ፊት አይታይ፣ የስብሰባው ስም አይጠራ። አስተያየት መስጫውንም ዝጋው፤ አለዚያ «እሰይ» የሚልህና «እስቲ እናያለን» የሚልህ አንተው በር ላይ ይደባደባሉ።

«ላንብብላችሁ?»

«አንብብ፤ እኛ ታፍነን ልንሞት ነው» አለ ፊራስ።

ዋጅዲ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ አልጠጣሁም። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እያልኩ ነው፤ ስወድቅ የሚያነሱኝ ሰዎችም አሉ። የጎዳኋቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ይቅርታ የምጠይቀው በየቤታቸው ሄጄ ነው። ለሚጠጣ ሰው ምክር የለኝም። የከበደው ካለ በግሉ ይጻፍልኝ።»

ፊራስ ማኘኩን አቆመ። ሩላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኡም ዋጅዲ እንባዋን በመሀረቧ ጠርጋ ተነሣች። ኮምጣጣውን ራሴ ላምጣው ብላ ገባች። ከስንዴ ቅንጬው ማሰሮ ጀርባ ስታስስ እጇ የውሃ ፕላስቲክ ነካ። ጠምቷት ነበርና የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ባለው፣ ትንሽ ውሃ በቀረበት ብርጭቆ ቀዳችው።

ውሃው ነጣ። እንደ ወተት ነጣ።

ውሃ በውሃ ላይ ሲፈስ አይነጣም፤ ውሃ ሲነካው የሚነጣው አረቄ ነው። ይህን ዛህሌ ውስጥ የሚጠባ ልጅ እንኳ ያውቃል።

ብርጭቆውን ይዛ ወጣች። ማዕዱ ላይ፣ ዋጅዲ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። አረቄው የሚቀመምበት የአኒስ ሽታ ከሁሉም ቀድሞ ተናገረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዋጅዲ ብርጭቆውን አየ፣ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፣ እንደገና ብርጭቆውን አየ። ፊቱ ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም። ሩላ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ዋጅዲ! ንገረኝ እንጂ! አባትህን ቀበርኩ፤ አንተም ልትደግመኝ ነው?»

«እማ፣ ተዪው።»

«እንዴት ነው የምተወው? ይሄን ይዘህ ነው ‹አልጠጣሁም› ብለህ ለዓለም የምትለጥፈው? እግዜርን አትፈራም?»

ዋጅዲ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። «አይለጠፍም» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ አይለጠፍም።»

ኡም ዋጅዲ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ደረቷን በቡጢ መታች። ካለቀሰች የምታቆም አልመሰላትም።

«ማታ ስብሰባው ላይ ትመጪያለሽ አይደል?» አላት ልጇ። «ለቤተሰብ ክፍት ነው።»

«የምን ዓመትህን ላከብር ነው የምመጣው?»

«ብቻ ነይልኝ፤ እባክሽ።»

መጣች። እናት ናት፤ የት ትቀራለች? የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች። ዋጅዲና ሩላ ከፊት፣ ጎን ለጎን ነበሩ፤ እሱ ዳር፣ እሷ ግድግዳውን ይዛ። አቡ ሸፊቅ የአንድ ዓመቱን ሜዳሊያ ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል። ደንቡን ታውቃለች፤ ልጇ ነግሯታል። አንድ ጉንጭ የቀመሰ ሰው ዓመቱ ይወድቅበታል፤ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ማንም አይቆጣውም፤ ይጨበጨብለታል። ያ ጭብጨባ ነበር አሁን የሚያስፈራት።

ዓመት የሞላቸው ከመጠራታቸው በፊት አቡ ሸፊቅ እንደ ወትሮው ጠየቀ፤ «ዛሬ ከአንድ የሚጀምር አለ?»

ወንበር ተንቋቋ። ዋጅዲ ተነሣ።

ኡም ዋጅዲ ዓይኖቿን ጨፈነች። አምላኬ፣ አለች በልቧ፣ ምነው ዛሬን እንኳ ባስተረፍከው።

ዋጅዲ ወደ መተላለፊያው ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀ፤ አንድ የሴት ድምፅም «ሩላ እባላለሁ፤ ዛሬ ከአንድ እጀምራለሁ» አለ።