አምስት አድርጊልኝ

ሹፌሩ ጋሽ ኦላና የመኪናቸውን የኋላ መቀመጫ ልብስ ገፈው ከሆስፒታሉ አጥር ጥግ ባለው ቧንቧ ሥር ያሹታል። የሚወርደው ውሃ ገና አልጠራም። ደሙ የፍሬ ነው።

ኢያሱ አየር ፍለጋ ብቅ ሲል አያቸውና ደነገጠ። ነፍሰ ጡር ሚስቱን አውርደውለት የሄዱ መስሎት ነበር። ፍሬን እየገፉ ቀዶ ጥገና ክፍል ካስገቧት ወዲህ በሩ አልተከፈተም፤ እሱም በሩ ላይ ከመቆም በቀር ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ነው። መኪናውን የጠራበት የስልኩ መተግበሪያ «ጉዞዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው አንዷን ኮከብ ብቻ ተጫነ። ከተደረደሩት ምክንያቶችም «ዘግይቷል» እና «መንገድ አዙሯል» የሚሉትን መርጦ ላከው። ጥርሱን ነክሶ። ንዴቱን በሰውየው ካልተወጣ በማን ይወጣው?

«እንዴት ሆነች፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ኦላና ቀና ብለው።

«ምንም አይነግሩኝም።»

«አይዞህ። ያለ እሱ ፈቃድ የሚሆን የለም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ወደ ሥራዎ አይሄዱም?»

«በዚህ ወንበር ማን ይሳፈራል? ደም ያየ ሰው መኪናው ቆሻሻ ነው ብሎ ኮከቤን ዝቅ ያደርግብኛል። አይፈረድበትም።» ልብሱን ጨመቁት። «ለነገሩ አሁን ቢነጣም ዋጋ የለውም። ዘግተውኛል።»

እርጥብ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ስልካቸውን አሳዩት። አማካይ ውጤትዎ ከተፈቀደው በታች ስለወረደ አካውንትዎ ለጊዜው ታግዷል፣ ይላል።

ኢያሱ መልእክቱን ደግሞ አነበበው። «በአንድ ኮከብ?»

«ገና አዲስ ነኛ። ብዙ የሠራ ሹፌር አንዷ ክፉ በመልካሞቹ መሃል ትጠፋለታለች። የኔ ገና ጥቂት ነው፤ አንዷ ጎትታ ታወርደኛለች። መጀመሪያ ጥሪው ለሌላው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ጭራሹን ይዘጋል። ማን እንደሰጠኝም አያሳዩኝም። ጠዋት መኪና ውስጥ ሲጋራ እንዳያጨስ የከለከልኩት ጎረምሳ ነበር፤ እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እኔማ ምን አደርጋለሁ! መኪናዋ የሰው ናት። ካልሠራች ባለቤቷ ቁልፏን ይቀበለኝና ለሌላ ይሰጣታል።»

ኢያሱ እንደ ምንም፣ «ግን ጋሼ፣ አያት ሰፈር፣ እኛ ቤት ለመድረስ ለምን ያን ያህል ዘገዩብን?» አለ። ጥፋተኛ ሆነው ቢያገኛቸው ደስ ባለው ነበር።

«ካርታው ላይ ያለው ምልክት የወሰደኝ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው። እዚያ አጥር እንጂ በር የለም። ብደውል ብደውል አታነሳም፤ ዞሬ ስፈልጋችሁ ነው የቆየሁት።»

«መንገዱስ? ካርታው በገርጂ ያስገባ ነበር።»

«ቆፍረውታል። በዚያ ጉድጓድ እየዘለልኩ ደም የሚፈሳትን ልጅ ላንገጫግጫት? ልነግርህ ስል ትጮህብኛለህ፤ ዝም አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ይጮሃል።» አልተቆጡም። ወደ ቧንቧቸው ጎንበስ አሉ።

ኢያሱ ፊቱን አዙሮ የጉዞ ታሪኩን ከፈተ። መነሻ ነጥቡ፣ እንዳሉት፣ ከግቢው ጀርባ ተሰክቷል። ስልኩ በግምት ያስቀመጠውን ምልክት ወደ በራቸው ሳያስጠጋ ሹፌር የጠራው እሱ ራሱ ነበር። ከሥሩ ብቻዋን የቀላች ኮከብ አለች። አምስተኛዋን ነካ፤ ደግሞ ነካ። ምንም አልተለወጠም።

ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የደንበኞች አገልግሎት ጋ ደወለ። ሙዚቃ። ይጠብቁ። ሙዚቃ። ዓይኑ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በሚያስገባው የሕንፃው በር ላይ ነው።

«ምን ልታዘዝ?» አለች ሴት ልጅ።

«ለሹፌሩ የሰጠሁትን ኮከብ መቀየር እፈልጋለሁ።»

«አንዴ ከተላከ በመተግበሪያው አይስተካከልም፣ ጌታዬ። ሹፌሩ ቢደውልም አንቀበለውም። ተሳፋሪው በራሱ ስልክ ከጠየቀ ግን ይታያል። ሹፌሩ አስገድዶዎት ነው?»

ድምፁን ቀነሰ። «አያውቁም። እኔ መሆኔን አያውቁም።»

«ለምን መቀየር ፈለጉ? እመዘግበዋለሁ።»

«ምልክቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መንገዱንም ያዞሩት ለሚስቴ ብለው ነው። ተናድጄ… ፈርቼ ነው የሰጠሁት።»

«ስንት ይሁንልዎት?»

«አምስት። አምስት አድርጊልኝ፣ እህቴ። እገዳውም ዛሬውኑ ይነሳላቸው።»

«እገዳውን የሚያነሳው ሌላ ክፍል ነው፤ ቃል አልገባም። የመዘገብኩትን ላንብብልዎት፤ ልክ ከሆነ ያረጋግጡልኝ።»

«የፍሬሕይወት ቤተሰብ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተጣራ። «የፍሬሕይወት ቤተሰብ ማነው?»

ኢያሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ኦላና አጠገቡ ደርሰዋል። «ሂድ እንጂ! እኔ እይዝልሃለሁ!» ብለው ስልኩን ከእጁ ወሰዱት። ሮጠ።

ነርሷ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳለች። «ባለቤትህ ተርፋለች። ብዙ ደም ፈሷታል፤ ግን ተርፋለች።»

«ልጁስ?»

«ኦክስጅን ላይ ነው። ለጊዜው ምንም ማለት አንችልም። ጸልይ።»

የመስኮቱን ደፍ ያዘ። መስመሩ እንዳልተቋረጠ፣ ልጅቷም የመዘገበችውን እያነበበች እንደሆነ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ቀና ብሎ ግቢውን አየ።

ጋሽ ኦላና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ያዳምጣሉ። በሌላ እጃቸው የያዙት የመቀመጫ ልብስ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እግራቸውን አላሸሹም።