ከመርዶው የቀደመ መልእክት

«ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። የገዛ አባቱን ዕድሜ የጠገበ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ፓራዳይዝ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ሠራተኞች በሚበሉበት አዳራሽ ተቀምጬ፣ ለባልደረባዬ ለስጦታ የሐዘን መልእክት እየጻፍኩ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ፎቅ ላይ አልጋ አንጥፈናል። ዛሬ ጠዋት ሱፐርቫይዘራችን ዳያና ወደ ጥግ ወስዳኝ፣ የስጦታ አባት ዓርብ ዕለት እንዳረፉና ዘመዷ ደውሎ ከነገ ጀምሮ የሦስት ቀን ፈቃድ እንደጠየቀላት ነገረችኝ።

ፈረንጅ ከሰማ፣ እሷማ ሰምታለች አልኩ በልቤ። ሐዘኗን ይዛ ሥራ መግባቷ ገረመኝ። ግን እዚህ አገር ሐዘንም ፈቃድ እስኪፈረምለት ሺፍቱን ይጨርሳል።

«አይዞሽ፣ ጠንክሪ።» አጠፋሁት። አባቷ ሞቶባት ደግሞ መጠንከር ይጠበቅባት? «የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪልኝ።» ይሄንንም አጠፋሁት። ሐዘንተኛ ደውሎ እርዱኝ አይልም። እናቴ የሞተች ጊዜ ሃምሳ ሰው «ደውዪልኝ» ብሎኝ ለማንም አልደወልኩም። አንዷ ሳትጠይቀኝ ምስር ወጥ ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ እስከ ዛሬ የማልረሳው እሷን ነው።

በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦

«ስጦታዬ፣ የአባትሽን የጋሽ ገብረጻድቅን ማረፍ ሰማሁ። በጣም አዝኛለሁ። በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ግን ሦስት ዓመት እንዲበቃሽ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምሽን በሰፊው ሰፍተው፣ ‹ቀሪውን አንቺ እደጊበት› እንዳሉሽ ነግረሽኝ አብረን ስቀናል። ቅዳሜና እሁድ ሺፍትሽን እኔ እገባልሻለሁ፤ ዳያና እሺ ብላለች። ረቡዕ ምሳ ይዤ እመጣለሁ። መልስ አትጻፊልኝ።»

ላክሁት። ፎቅ ላይ ስልክ ክልክል ስለሆነ፣ ለእረፍት ስትወርድ ታየዋለች። ከዚያ ለቅሶ የት እንደሚቀመጡ ልጠይቅ ለአክስቷ ልጅ ለሀብተሥላሴ ደወልኩ።

«እናትነሽ፣ አልተረዳችም እኮ!» አለኝ። «ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ይዘን ቤቷ ልንሄድ ነው። ትናንት የልጄ የሐሌሉያ ክርስትና ነበር፤ እንደምንም ብለን አሳለፍነው። ለአለቃሽ የደወልኩት ነገ ተረድታ ለቅሶ እንድትቀመጥ ብዬ ነው። አንቺ ምንም አትበያት፤ አደራ!»

ስልኩን ዘግቼ መልእክቱን ለሁለታችንም እንዲጠፋ ዲሊት አደረግሁት። ጽሑፉ ጠፋ። «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚለው ግን ቀረ።

ስጦታ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ምን ጽፈሽ ነው ዲሊት ያደረግሽው? ሐሜት ከሆነ በአፍሽ ንገሪኝ!»

«ኧረ ስለ ሺፍት ነው።»

«ትናንት ግን መቅረትሽ! ሥራ ሥራ ትያለሽ፤ እኔ እግሬ እስኪያብጥ ነው የጨፈርኩት። ተመልከቺልኝ» ብላ ጫማዋን አወለቀች።

መሳቅ ነበረብኝ። ሞከርኩ፤ ከንፈሬ እሺ አለኝ፣ ዓይኔ ግን ከዳኝ። ዓይኔን የምጠርግበት ወረቀት ለመፈለግ ዞር አልኩ። ስመለስ ስጦታ መሳቋን ትታለች። የእኛ ሰው ይህን ፊት ያውቀዋል፤ አንድ ቀን እንደሚመጣበት እየፈራ ነው የሚኖረው።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እናትነሽ፣ አባቴ ነው እናቴ?»

ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቃል ስመርጥ ቆይቻለሁ። አሁን የተፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ አልነበረም፤ ንጋት ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው የሚመጡት የሽማግሌዎቹ ነበር። ግን ዝም ባልኩ ቁጥር ሁለቱንም እየገደልኩባት ነው።

«አባትሽ» አልኳት።

አልጮኸችም። እግሯን መልሳ ጫማዋ ውስጥ ከተተች።

«መቼ?»

«ዓርብ።»

በጣቷ ቆጠረች። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። እሁድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ትናንት መሀል አስገብተው ሲያጨበጭቡልኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁሉም ያውቁ ነበር?»

ተነሥቼ አቀፍኳት። ያን ጊዜ ጮኸች፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።