ዞሮ የገባ ገመድ

ተማሪው ኮሪደሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ያለችውን ነጭ ሳጥን ትክ ብሎ ያያል። ለተከራዮቹ ሁሉ ዋይፋይ የምታድለው እሷ ናት። ዛሬ ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ አንድም ገጽ ግን አይከፈትም።

«ደግሞ ጠፋ እንዴ?» ትላለች ነርሷ፣ ከጎኑ ያለው ክፍል ተከራይ። መጥረጊያዋን ተደግፋ ከራስጌው ቆማለች።

«ምልክቱስ አለ እህቴ። ኢንተርኔቱ ነው የሌለው።»

«ነቅለህ ሰካታ! ለሰውም ለማሽንም መድኃኒቱ እረፍት ነው።»

«ሞከርኩ። ትነሳና ወዲያው ትወድቃለች።»

በኢንተርኔት የሚሰጠው ፈተናው ሊጀመር ነው። ባለፈው የወደቀበት ትምህርት ነው፤ ዛሬም ካላለፈ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ መመለሱ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ያልገባ እንደወደቀ ይቆጠራል። ቤቱ ምድር ቤት ስለሆነ የስልክ ዳታ አይደርስበትም።

ዓይኑ ከሳጥኗ መብራቶች አልነቀል ይላል። ሌላ ጊዜ እንደ ልባቸው አንዱ ሲበራ ሌላው ሲጠፋ ነበር የሚያውቃቸው። አሁን ሁለቱ ብቻ እንደተማከሩ እኩል ይርገበገባሉ። ለምን ሁለቱ? ለምንስ እኩል?

ከአንደኛው መብራት ሥር የተሰካውን ግራጫ ገመድ በጣቱ ይከተላል። ገመዱ በመደርደሪያው ጀርባ ይሄዳል፣ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል። ሌላው ጫፉ እዚያችው ሳጥን ላይ፣ ከሁለተኛው መብራት ሥር ተሰክቷል።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት!» ብሎ ብቻውን ይስቃል።

«ምን አገኘህ?»

«ሳጥኗ ‹ለሁሉም ይድረስ› ብላ የላከችው መልእክት በዚህ ወጥቶ በዚያ ይገባባታል። አዲስ ይመስላትና እንደገና ለሁሉም ትልከዋለች። እየተባዛ መንገዱን ይሞላዋል፤ ለእኛ ማለፊያ አይተርፍም።»

«እንደ ሰፈር ወሬኛ በለኛ! የራሷን ወሬ መልሳ ሰምታ ‹ጉድ ተሰማ› የምትል።» ትስቃለች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ይቋረጣል። «ቆይ… ያ ቤቱን ለቆ የወጣው ልጅ ለኮምፒውተሩ ይሰካው የነበረው ገመድ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እኔን አፈር ያስበላኝ! ጫፉ መሬት ላይ ተጥሎ መጥረጊያዬን ሲይዝብኝ፣ ቀዳዳ ፈልጌ ሰካሁት። ፈተና አለበት፣ ጽዱ ቤት ይቀመጥ ብዬ።»

ተማሪው እጁን ወደ ገመዱ ይዘረጋል። «ምንም አይደል… ጥብቅ አድርገሽ ነው የሰካሽው» ይላል።

የገመዱን ጫፍ ተጭኖ ይስባል። ቀጭ። ሁለቱ መብራቶች ይጠፋሉ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ብልጭ ይላል። ስልኩ ላይ ገጹ ይከፈታል። ሌላውንም ጫፍ ነቅሎ ገመዱን ይዞ ወደ ክፍሉ ይሮጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣለት ኮሪደሩ ጭር ማለቱን ያስተውላል። የመጥረጊያ ድምፅ የለም። ዘወር ሲል በበሩ ሥር የሁለት እግርና የአንድ መጥረጊያ ጥላ ይታየዋል፤ ከሳጥኗ ፊት ለፊት፣ እንደ ዘበኛ ሳይነቃነቅ።