ሃያ ሰባተኛዋ ልጅ

የተማሪዎች ሰርቪሱ የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የተበጠሰው አውራ ጎዳናው ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ጉሙ ከወረደ ቆይቷል። መጀመሪያ የባትሪው መብራት ቀላ፤ ቀጥሎ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ መሪው ከበደ። ሾፌሩ እንደምንም ወደ ቀኝ አስጠግቶ የመንገዱ ዳር ላይ አቆመ።

"ከዚህ ሁሉ አገር እዚህ!" አለ።

ረዳቷ ለምን እንዳለው ገብቷታል። ከዓመታት በፊት አንድ የተማሪዎች ሰርቪስ እዚሁ መታጠፊያ ላይ ወንዝ ገብቶ ነበር። ልጆቹ ወጡ፣ ተቆጠሩ፣ ሙሉ ናቸው ተባለ። አንዲት ልጅ ግን ውኃው ውስጥ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቦታ የቆመ ሰርቪስ ልጆች ሲቆጠሩ አንድ ይተርፋል እያሉ ሾፌሮች ያወራሉ። ረዳቷ ይህን ስትሰማ "የሾፌር ወሬ!" ብላ ትስቅ ነበር።

ቀኑ ከጠዋቱም አልቀናትም። አንዱ ሕፃን አስታውኮባት፣ ጎንበስ ብላ ስትጠርግ ሁለት ፌርማታ አለፈ፤ የጠዋቱ ሾፌር ነው በሩን ከፍቶ ልጆቹን ያስገባላት። ትምህርት ቤቱ ግቢ እንደደረሱ የታመመውን አቅፋ ወደ ክሊኒክ ሮጠች። ማንም ውስጥ አለመቅረቱን የሚያረጋግጠውን የሰርቪሱን የፍተሻ ቅጽ የፈረመችውም እዚያው፣ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው። የከሰዓቱን ጉዞ ግን በደንብ ጀመረችው። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ተቆልፎ በብርድ የዋለው ሰርቪስ በር ላይ ቆማ፣ ስም እየጠራች ሃያ ስድስት ልጅ አስገባች። ዝርዝሩም ላይ ሃያ ስድስት ናቸው።

ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ አራቱንም የአደጋ መብራት አበራና ቢጫ ጃኬቱን ለበሰ።

"ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው እንዴ ጋሼ?" አለች ረዳቷ።

"እንፋሎት ነው። የራዲያተሩን ክዳን አልነካም፣ ይጠብሰኛል። እኛን የሚበላን ጉሙ ነው። ከኋላ የሚመጣ አያየንም። አውርጃቸው።"

ጎማው ሥር ታኮ አስገባና ባለ ሦስት ማዕዘኑን የአደጋ ምልክት ይዞ ወደ ኋላ ሮጠ። በደህና ቀን መቶ እርምጃ ይበቃ ነበር፤ እሱ ሁለት መቶ ቆጠረ።

"ቦርሳ እዚሁ ይቀመጥ!" አለች ረዳቷ። " ከፊት ወንበር እንጀምራለን። ትልቁ የትንሹን እጅ ይያዝ፤ ሩጫ የለም!"

በቀኙ በር፣ መኪና በማያልፍበት በኩል አወረደቻቸው። የብረቱን አጥር አሻግራ ዳገቱ ላይ፣ ከሰርቪሱ ወደ ኋላ ራቅ አድርጋ አቆመቻቸው። ከፊት ለፊቱ ቢቆሙ ኖሮ፣ ሰርቪሱ ከኋላ ሲገፋ የሚሄደው እነሱ ላይ ነበር። የእያንዳንዱን ራስ እየነካች ቆጠረች። ሃያ ስድስት።

የስድስተኛ ክፍሏን ልጅ እንድትጠብቃቸው አዝዛ ወደ ሰርቪሱ ተመለሰች። ደንቡ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ማየት ነው። ሄደች።

መጨረሻው ወንበር ሥር፣ ቦርሳዎቹ መሀል አንዲት ትንሽ ልጅ ኩርምት ብላለች።

ረዳቷ አታውቃትም። እጇን ስትይዛት በረዶ ነው። ቀሚሷ እርጥብ ነው። እግሮቿ ባዶ ናቸው። አቅፋት ወርዳ አጥሩን እንደተሻገረች የከባድ መኪና ጥሩምባ ጉሙ ውስጥ ጮኸ። ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ እያውለበለበ ይጮኻል። ከባዱ መኪና ፍሬን ይዞ ተንሸራተተ፤ የሰርቪሱን የኋላ ጥግ ገጭቶ ቆመ። የመጨረሻው ወንበር እንደ ካርቶን ተጣጠፈ።

ልጆቹ አለቀሱ። ማንም አልተነካም።

እንደገና ቆጠረች። ሃያ ሰባት። ደግማ ቆጠረች። ሃያ ሰባት። በዚህ ሥራ ዕድሜዋን ሙሉ የምትፈራው አንድ እንዳይጎድል ነበር፤ አንድ ይተርፋል ብላ ፈርታ አታውቅም።

"ይህችን ልጅ ታውቋታላችሁ?"

ሁሉም "አናውቃትም" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኛ ስንገባ እዚያ ነበረች" አለ።

ሾፌሩ እያለከለከ መጣ። የቀረበው ግን ልጅቷን እስኪያይ ነው። እርጥብ ቀሚሷን አየ፤ ወደ ወንዙ ዞሮ አየ።

"ስንት ናቸው?"

"ሃያ ሰባት።"

"እህቴ፣ ልቀቂያት። ይህቺ የኛ አይደለችም።"

ምትክ ሰርቪሱ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊሱም ከኋላው ደረሰ። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ ሰርቪስ አይነቃነቅም። ትራፊኩ ዝርዝሩን ተቀብሎ ጠበቃት። የሃያ ስድስቱ ልጆች እናቶች በየፌርማታው ቆመዋል። "ሃያ ስድስት" ብላ ፈርማ መሄድ ትችላለች፤ ያኔ ይህቺ ልጅ ደግሞ ሳትቆጠር ትቀራለች።

ረዳቷ ፈራች። የልጅቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።

"ሃያ ሰባት ብለህ ጻፍ" አለችው ትራፊኩን። "ማንም ትሁን፣ ጥዬያት አልሄድም።"

ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጠቀለለቻት፤ እርጥቡ ቀሚስ የወንዝ ሳይሆን የሽንት ሽታ አለው። ውኃ ሰጠቻት። ልጅቷ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ሳትተነፍስ ጨረሰችው።

"የኔ እናት፣ ከየት ነው የመጣሽው?"

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

"እትዬ፣ ዛሬ መጀመሪያዬ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። ትምህርት ቤት ገና አልደረስንም?"