ስድስተኛው ደብዳቤ

አክስት መጋረጃውን እስከ ዳር ሰብስባ ወንበር ላይ ቆማለች። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው። የወንድሟ ልጅ ከባሕር ማዶ የላከውን ደብዳቤ ደግማ ታነባለች።

«አክስቴ፣ የአባዬን ደብዳቤዎች በስልክሽ ፎቶ አንሺልኝ። በቀን ብርሃን ይሁን፤ ፍላሽ እንዳታበሪ። የጀርባው ጽሑፍ ዘልቆ እንዳይታይ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊ። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጊው፤ አራቱም ማዕዘን ይግባ። ፊቱንም ጀርባውንም አንሺ። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት አጠገቡ አድርጊ እንጂ ደብዳቤው ላይ እንዳትጽፊ። ከፎቶው አይቶ በጽሑፍ የሚገለብጠው ሰው ስሕተቱን እንኳ ሳያርም ይጽፈዋል፤ የጎደለ ካለ ‹ጎድሏል› ይላል።»

የጎደለማ አለ። ስድስተኛው ደብዳቤ ጥቁሩ ወረቀት ላይ ሲያርፍ መሐሉ ላይ የጣት ያህል ጥቁር ቀዳዳ ይወጣል። ወንድሟ ከእስር ቤት በሰው እጅ የላከው ነው፤ ከዚያም አልተመለሰም። «ጎረቤትሽን ተጠንቀቂው፣ ያስያዘኝ እሱ ነው» ብሎ ስሙን ጽፎ ነበር። ቤቷ ቢፈተሽ ብላ ስሙን በምላጭ ቆርጣ ዋጠችው። እስከ ዛሬ አልተፈጨላትም። ልጁ ደግሞ ማን ነው ማለቱ አይቀርም።

«እቴ! ምን ሰቀለሽ? ልትወድቂ ነው'ኮ!»

ሰዓት ሠሪው ጎረቤቷ ነው፤ ያ የተዋጠው ስም የእሱ ነው። ከመንገድ አይቷት ገብቷል። መጋረጃ መክፈት ትርፉ ይኸው ነው።

«ምንም፣ ጋሼ። ልጁ የአባቱን ወረቀት ፎቶ አንሺልኝ ብሎኝ ነው።»

«ብቻሽን? ወረቀቱ'ኮ አይረጋም፣ ይደበዝዛል። እጥፋቱም ተነስቷል። ቆይ፣ እኔ ልያዝልሽ።»

ብትከለክለው ለምን ይላል። ብትተወው ያነባል። ስልኩን ብቻ ጠበቅ ታደርጋለች። እሱ መነጽሩን አድርጎ ይጎነበሳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

«በምላጭ ነው» ይላል።

«በምላጭ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅሽ ነው እንደምን አደርክ የምትይኝ?»

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። አሁንም እፈራሃለሁ።»

ወረቀቱ በእጁ ነው። አንዴ ቢጨብጠው አለቀ፤ ሌላ ቅጂ የለም። ከወንበሩ ወርዳ እስክትቀማው ይቀድማታል።

እሱ ግን ወረቀቱን ቀና ያደርጋል፤ እጥፋቱን በቀስታ ያስተኛል። ከዚያ አውራ ጣቱን እንደሚፈርም ሰው ቀዳዳው ላይ ያሳርፋል።

«አንሺው» ይላል፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

አራቱም ማዕዘን ገብቷል። ስሙ በነበረበት ቦታ፣ የሰዓት ዘይት የጠገበ የሽማግሌው ጥፍር ስልኩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማንሻውን ቁልፍ ትጫናለች።